ይስሐቅ ነው ወይስ ኢስማኢል? ለመምህራን የቀረበ ማብራሪያ

«ቲቸር፣ ሊታረድ የነበረው ልጅ ይስሐቅ ነው ወይስ ኢስማኢል?»

ደሴ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚነሳው አረፋ ሲቃረብ፣ በጎች ወደ ከተማው መግባት ሲጀምሩ ነው። የታሪክ መምህሩ፣ የአማርኛ መምህሩ ወይም የግብረ ገብ መምህሯ ሊጠየቁ ይችላሉ። የሚጠይቀው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሐሳብ የለውም። ቤቱ የሰማው አንድ ስም ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ ሌላ ስም ሲጠራ ሰምቶ ግራ ገብቶታል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም ስም እዚያው ቤቱ የሰማ ልጅ ሞልቷል፤ አያቱ ቁርኣን ሲቀሩ፣ የእናቱ እህት ደግሞ መድኃኔዓለም ስትሳለም ያደገ ልጅ።

መምህሩ በዚህች ቅጽበት የሚመልሰው ከሦስት በአንዱ መንገድ ነው። አንዱ «ይሄ የሃይማኖት ነገር ነው፣ ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው «ልጆች፣ ዞሮ ዞሮ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ያለሰልሰዋል። ሦስተኛው ራሱ ያደገበትን መልስ ምንም ሳያስብ፣ የዓባይን ምንጭ እንደሚናገር ሁሉ፣ እንደ ታወቀ ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው ጥያቄውን ወደ ግቢው ይልከዋል፤ እዚያ ደግሞ የሚመልሰው ድምፁ የጎላው ልጅ ነው። ሁለተኛው ሐሰት ነው፤ ሁለቱ ንባቦች አንድ አይደሉም፣ ተማሪዎቹም ያውቁታል። ሦስተኛው ደግሞ ከክፍሉ እኩሌታውን «የእናንተ ቤት ተሳስቷል» ብሎ እንደ መናገር ነው።

አራተኛ መንገድ አለ፤ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ እሱን ዝግጅት በዚህ በአንድ ታሪክ ላይ እያሳየ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ወሰኑን እንወቅ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ መምህር ማንንም ማሳመን አይችልም። «ሙስሊሞች ይህን ታሪክ እንዲህ ይረዱታል፣ ክርስቲያኖች ደግሞ እንዲህ» ብሎ ማስረዳት ግን ስብከት አይደለም፤ ስለ ሃይማኖት ማወቅና ሃይማኖትን መስበክ ይለያያሉና። ጥያቄው መምህሩ ይህን ልዩነት በአንደበቱ መጠበቅ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

በዚህ አገር ጉዳዩ ከወረቀት በላይ ክብደት አለው። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ጠርተው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የነገረ መለኮት ክርክር በውሳኔ ዘጉት፤ ከዚያው ጋር የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው የአይጠየፍን አዳራሽ ደሴ ላይ ያሠሩት ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ አያቶቻቸው በየበኩላቸው የሚተርኩላቸው ልጆች ዛሬ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ሥልጣን ያለው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ትክክለኛው ንባብ ይህ ነው» ሲል በእነዚህ ልጆች ጆሮ ምን ሊመስል እንደሚችል መምህሩ ማሰብ አለበት።

መጀመሪያ ጽሑፉ ራሱ

ትርጓሜ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ምንባቦች ምን እንደሚሉና ምን እንደማይሉ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ሰዎች በልጅነታቸው የሰሙትን ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ያነበቡት ስለሚመስላቸው ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22 የሚጀምረው እግዚአብሔር አብርሃምን ሊፈትነው እንደ ሆነ ለአንባቢው በመንገር ነው። አብርሃም ግን ይህን አያውቅም። ትእዛዙ በቃል ይመጣለታል፤ የሚወደውን አንድ ልጁን ይስሐቅን ይዞ ወደ ሞሪያ ምድር እንዲሄድና እንዲሠዋው። በሦስተኛው ቀን ቦታውን ያያል። እንጨቱን ልጁ ይሸከማል፤ አባቱ እሳቱንና ቢላዋውን ይይዛል። ልጁ «እሳቱና እንጨቱ ይኸው፤ የመሥዋዕቱ በግ ግን ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባቱም በጉን እግዚአብሔር እንደሚያዘጋጅ ይመልስለታል። ከዚህ በኋላ ልጁ አንድም ቃል ሲናገር አንሰማም። መልአኩ ሲጠራ እጁ ይገታል፤ ቀንዶቹ በዱር የተያዙ በግ ይታያል።

ቁርኣን ውስጥ ታሪኩ የሚገኘው በ37ኛው ምዕራፍ፣ በአስ-ሷፋት፣ ከቁጥር 100 እስከ 113 ባለው ነው። ኢብራሂም ደግ ልጅ እንዲሰጠው ጌታውን ይለምናል፤ በታጋሽ ልጅም ይበሠራል። ልጁ ከአባቱ ጋር መሥራት የሚችልበት ዕድሜ ሲደርስ አባቱ «ልጄ ሆይ፣ እንደማርድህ በሕልሜ አያለሁ፤ አንተ ምን ይታይሃል?» ይለዋል። ልጁም የታዘዘውን እንዲፈጽም፣ አላህ ከሻ ከታጋሾቹ ሆኖ እንደሚያገኘው ይመልሳል። ሁለቱም ትእዛዙን ይቀበላሉ፤ አባት ልጁን በግንባሩ በኩል ያስተኛዋል፤ ያኔ ሕልሙን በእርግጥ እንደፈጸመ ይነገረዋል። ልጁም «በታላቅ ዕርድ» ይቤዣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በቁጥር 112፣ ኢብራሂም በይስሐቅ ተበሠረ ይላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ከስሙ በፊት የሚያስተውላቸው ነገሮች አሉ። በአንዱ ትእዛዙ በቃል ይመጣል፣ በሌላው በሕልም። በአንዱ ልጁ የሚደርስበትን አያውቅም፤ በሌላው ይነገረዋል፣ ይጠየቃል፣ ይስማማል። አንዱ የልጁን ስም ከመጀመሪያው ይጠራል፤ ሌላው በዚህ ምንባብ ውስጥ ሊታረድ የነበረውን ልጅ በስም አይጠራውም። ብዙ ሰው የሚደነቀው በዚህኛው ላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁላችንም የምናውቀው በግ በቁርኣኑ ምንባብ በስሙ አልተጠራም፤ «ታላቅ ዕርድ» ነው የተባለው። በግ መሆኑን የሚናገሩት የተፍሲር፣ ማለትም የቁርኣን ትርጓሜ፣ ሊቃውንትና ትውፊቱ ናቸው።

መምህሩ ይህን ክፍል ራሱ ባይናገረው ይሻላል። ሁለቱን ምንባቦች ከአማርኛ ትርጉሞቻቸው በአንድ ገጽ ላይ አድርጎ ለተማሪዎቹ ይስጥና «ትእዛዙ እንዴት መጣ? ልጁ ምን አለ? ስሙ የተጠራው የት ላይ ነው?» ብሎ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ እያሳረፉ እንዲመልሱ ያድርግ። እዚህ ላይ «እኛ የምናምነው» የሚል መልስ ከመጣ «እሱ በኋላ ይመጣል፤ አሁን ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ» ብሎ መመለስ ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜ እኩሌታው በዚህ ቢያልቅ ጊዜው አልባከነም።

ሙስሊም ሊቃውንት ስለ ልጁ የተናገሩት

ዛሬ ዓለም ላይ ያለውን አብዛኛውን ሙስሊም ብትጠይቁት ልጁ ኢስማኢል ነው ይላችኋል። ይህ የወሎም ዑለማ የሚያስተምሩት ነው። ምክንያታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ሙስሊሞች ኢስማኢል ነው ብለው ያምናሉ» ብሎ ማቆም ንባባቸውን ያለ ማስረጃ የቆመ ያስመስለዋልና።

የመጀመሪያው ምክንያት የታሪኩ ቅደም ተከተል ነው። የዕርዱ ታሪክ ካለቀ በኋላ በቁጥር 112 ላይ የይስሐቅ ብሥራት ይመጣል። ይስሐቅ ከዚህ በኋላ የተበሠረ ከሆነ ከዚያ በፊት ሊታረድ የነበረው ሌላ ልጅ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ምዕራፍ ይመጣል። በ11ኛው ምዕራፍ ቁጥር 71 ላይ የኢብራሂም ሚስት በይስሐቅ፣ ከይስሐቅም በኋላ በያዕቆብ ትበሠራለች። ይስሐቅ አድጎ ያዕቆብን እንደሚወልድ አስቀድሞ ከተነገረ፣ ልጅ ሳይወልድ ይታረድ ማለት ፈተና አይሆንም፤ ልጁ እንደማይሞት አባትየው አስቀድሞ ያውቃልና። ሦስተኛውን ምክንያት በ774 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብን ከሲር የሚያቀርቡት ሲሆን የሚነሳውም ከዘፍጥረት ነው። ኦሪቱ «አንድ ልጅህን» ይላል። በዚያው በኦሪት አብርሃም ኢስማኢልን ሲወልድ 86 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅን ሲወልድ 100። ስለዚህ ለ14 ዓመት ያህል አንድ ልጅ የነበረው ኢስማኢል ነው፤ ይስሐቅ ግን ብቸኛ የሆነበት ጊዜ የለም ይላሉ። ከዚህም ተነስተው የይስሐቅ ስም በኋላ የገባ ነው ብለው ይደመድማሉ።

ግን የጥንቶቹ ሙስሊም ሊቃውንት በዚህ ላይ አንድ አልነበሩም። በ310 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት፣ በተፍሲር ታላቅ የሆኑት አጥ-ጠበሪ ሁለቱንም ሐሳብ ከነአስተላላፊዎቹ ከዘረዘሩ በኋላ ልጁ ይስሐቅ ነው የሚለውን መርጠዋል። ቁርኣን በሌላ ቦታ ኢብራሂም በልጅ ተበሠረ ሲል የሚጠራው ይስሐቅን ነው፤ ስለዚህ እዚህም ታጋሹ ልጅ እሱ ነው፤ የቁጥር 112 ብሥራት ደግሞ ስለ ልደቱ ሳይሆን ስለ ነቢይነቱ ነው ይላሉ። ከነቢዩ ባልደረቦች ከኢብን ዐባስ ሁለቱም ሐሳብ ተወርቷል።

እዚህ ላይ መምህሩ በጣም መጠንቀቅ አለበት፤ እውነት የሆነ ነገር ያለ አግባብ የሚነገረው እንዲህ ባለ ቦታ ነውና። የአጥ-ጠበሪን ሐሳብ አንስቶ «አያችሁ፣ የራሳችሁ ሊቅ እንኳ ይስሐቅ ነው ብሏል» ብሎ ማቆም አንዱን ወገን በራሱ ሊቅ መምታት ነው። ሐሳቡ ሲነገር ሁልጊዜ አብሮት የሚነገር ነገር አለ፦ ክርክሩ የተካሄደው በእስልምና ውስጥ፣ በሙስሊም ሊቃውንት መካከል፣ በቁርኣን ማስረጃ ነው፤ በኋላም ብዙኃኑ ኢስማኢል ወደሚለው አዘንብለዋል፤ ዛሬም የሚያስተምሩት ያንን ነው። የኢብን ከሲርን ማስረጃ አንስቶ «ስለዚህ የክርስቲያኖቹ መጽሐፍ ተለውጧል» ብሎ ማቆምም በተመሳሳይ ልክ አድሏዊ ነው። የአንዱ ሊቅ በሌላው መጽሐፍ ላይ የተናገረው ሲነሳ፣ የመጽሐፉ ባለቤቶች ምን እንደሚመልሱ እዚያው መነገር አለበት።

«አንድ ልጅህን» ለሚለው የተሰጠው መልስ

የሚመልሱትም አላቸው። አይሁድ ሊቃውንት ይህንኑ ጥያቄ ከሙስሊሞች ጋር ሳይከራከሩ፣ ከጽሑፉ በመነሳት ብቻ ጠይቀውታል። እግዚአብሔር ስሙን በአንዴ ሳይጠራ ለምን ቃላት ደረደረ? በአይሁድ ሊቃውንት የትምህርት መጽሐፍ በታልሙድ የሚገኘውንና በኋላ የኦሪት ተርጓሚው ራሺ (1040–1105 እ.ኤ.አ.) በማብራሪያው ያሰፈረውን ምላሽ ለክፍል ማንበብ ደስ ይላል፤ ንግግር ሆኖ ነው የቀረበው። «ልጅህን» ሲለው አብርሃም «ሁለት ልጆች አሉኝ» አለ። «አንዱን» ሲለው «ይህም ለእናቱ አንድ ነው፤ ያም ለእናቱ አንድ ነው» አለ። «የምትወደውን» ሲለው «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ» አለ። በመጨረሻ «ይስሐቅን» አለው። በዚህ ንባብ አብርሃም ለኢስማኢልም አባት ነው፤ ፍቅሩም አልተከፈለም። ጥያቄውን ያነሳ ሙስሊም ተማሪ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ ያየ መምህር የነገሩን ክብደት ይረዳዋል።

ክርስቲያኖች በበኩላቸው ከምዕራፍ 22 በፊት ያለውን ምዕራፍ ያሳያሉ። በምዕራፍ 21 አጋርና ኢስማኢል ከቤት ወጥተዋል፤ ለአብርሃምም ዘሩ በይስሐቅ እንደሚጠራ ተነግሮታል። ስለዚህ ትእዛዙ ሲመጣ በቤት ያለው፣ ተስፋውም የተንጠለጠለበት አንድ ልጅ ይስሐቅ ነው ይላሉ። ሙስሊሞች ከያዕቆብ ብሥራት ተነስተው ያነሱት ጥያቄ ለክርስቲያኖችም አልጠፋቸውም፦ ተስፋው በይስሐቅ ከሆነ እንዴት ይሠዋል? የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 11 የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ አብርሃም እግዚአብሔር ከሙታን ሊያስነሣው እንደሚችል አሰበ ይላል። አንዱን ችግር ሁለቱም አይተውታል፤ አንዱ «እንግዲያው ልጁ ሌላ ነው» አለ፣ ሌላው «እንግዲያው አብርሃም ትንሣኤን አምኗል» አለ። ይህን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የጻፈ መምህር አንዱንም ሳያሳንስ ሁለቱ የሚለያዩበትን መንታ መንገድ አሳይቷል።

ስሙን ካለፍን በኋላ

እውነቱን ለመናገር የስሙ ጥያቄ ለሁለቱም ወገን ዋናው አይደለም። ተማሪዎቹ ዋና የሚያደርጉት የሚለያዩበት እሱ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ሃይማኖት ታሪኩን የሚያነበው የራሱን ጥያቄ ይዞ ነው፤ መምህሩም የአንዱን ጥያቄ ለሌላው አቅርቦ «ለምን አልመለስክም?» ማለት የለበትም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትርጓሜ ታሪኩ ወደፊት የሚመለከት ምሳሌ ነው። እንጨቱን የተሸከመው ይስሐቅ መስቀሉን የተሸከመው የክርስቶስ ምሳሌ ነው፤ ሳይሞት መመለሱ የትንሣኤው። በግእዙ ንባብ በጉ የተያዘው ዕፀ ሳቤቅ በተባለ ዛፍ ነው፤ በጉ የክርስቶስ፣ ዕፀ ሳቤቅ የእመቤታችን ምሳሌ ተብሎ ይተረጎማል። በአንድምታ የተማሩ መሪጌታ አንዱን ነገር ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ «አንድም» እያሉ ሲፈቱ ተማሪው አይደነግጥም፤ ምሥጢር ይበዛል እንጂ አይጋጭም ተብሎ ተምሯልና። ሥዕሉም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አለ። ስለዚህ ለኦርቶዶክሱ ልጅ የበጉ ነገር የታሪኩ ልብ ነው፤ «በጉ ማን ነው?» የሚለው ከ«ልጁ ማን ነው?» ይቀድማል።

የወንጌላውያን አማኞች እንዲህ ያለውን ምሳሌ ባይክዱም በስብከታቸው ጎልቶ የሚሰማው የአብርሃም እምነት ነው። እዚያው አዲስ ኪዳን ውስጥ የዕብራውያን መልእክት ድርጊቱን የእምነት ሥራ ሲለው፣ የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 2 አብርሃም ይስሐቅን ባቀረበ ጊዜ በሥራ ጸደቀ ይላል፤ የእምነትና የሥራ ክርክር ይህን ታሪክ ደጋግሞ የሚጠራው ለዚህ ነው።

በእስልምና የታሪኩ ማዕከል የሁለቱ ለፈጣሪ እጅ መስጠት ነው፤ አባት ብቻ ሳይሆን ልጅም። ታሪኩ ደግሞ በየዓመቱ በተግባር ይታሰባል። በሐጅ ጊዜ በመካ አጠገብ ባለችው ሚና የሚወረወረው ጠጠር ኢብራሂም ሊያሳስተው የመጣውን ሰይጣን የወገረበት መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። ለአረፋ የሚታረደው በግ ደግሞ ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለድኻ ይከፋፈላል። ቁርኣን በ22ኛው ምዕራፍ ቁጥር 37 ሥጋውም ደሙም አላህን እንደማይደርሰው፣ የሚደርሰው የሰዎቹ ፈሪሃ አምላክ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ጥቅስ የማያውቅ መምህር የአረፋን ዕርድ «ለአምላክ ሥጋ መስጠት» አድርጎ ሊያስረዳ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሙስሊሙ ተማሪ «ይሄ የኛ አይደለም» የሚለው ዓይነት አቀራረብ ነው።

አይሁድ ምንባቡን በአዲስ ዓመታቸው በሁለተኛው ቀን ያነቡታል፤ በዚያ በዓል የሚነፋው ቀንድ የበግ ቀንድ መሆኑም ከዚህ ታሪክ ጋር ይያያዛል። ክፍሉ ውስጥ አይሁዳዊ ተማሪ ስለሌለ ብቻ ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም። ባለቤቱ በሌለበት የሚነገር ነገር ላይ ነው አንደበታችን ቶሎ የሚልከሰከሰው።

ለክፍል በጣም የሚጠቅም አንድ ነጥብ ልጨምር። በዘፍጥረት ልጁ ዝም ይላል ብለናል። የአይሁድ ትውፊት ግን ይህን ዝምታ እንዲሁ አልተወውም። ሣራ በ90 ዓመቷ ወልዳ በ127 ዓመቷ ስለሞተች፣ ሞቷንም ከዚህ ክስተት ጋር በማያያዝ፣ ይስሐቅ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር ይላል፤ ፈቅዶ የቀረበ ጎልማሳ ነው፤ እንዳይወራጭ አጥብቆ እንዲያስረው አባቱን ይለምናል። አጥ-ጠበሪ ባሰፈሩት የተፍሲር ዘገባም ልጁ አባቱን «ማሰሪያዬን አጥብቀው» ይለዋል። ስሙ ይለያያል፤ ልመናው ግን አንድ ነው። «ሁሉም አንድ ነው» ከሚለው ባዶ ቃል ይልቅ እንዲህ ያለ በገጽና በመስመር የሚታይ ተመሳሳይነት ለተማሪ ብዙ ይነግረዋል።

አድልዎ የሚደበቅበት ቦታ

መምህሩ ይህን ሁሉ አውቆም ሊያዳላ ይችላል፤ አድልዎው የሚደበቀው በግሡ ውስጥ ነው። «እግዚአብሔር አብርሃምን ፈተነው፤ ሙስሊሞች ደግሞ ኢስማኢል ነው ብለው ያምናሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው እንደ ሆነ ነገር ተነገረ፤ ሁለተኛው እንደ ሰዎች አስተያየት። ተናጋሪው ሙስሊም ሲሆን በተቃራኒው ይሆናል፦ «ኢብራሂም ኢስማኢልን ሊያርድ ሲል አላህ ቤዛ ሰጠለት፤ ክርስቲያኖች ግን ይስሐቅ ይላሉ።» መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት አነጋገር መጠቀም፦ «ዘፍጥረት 22 እንዲህ ይላል፤ ቁርኣን 37 እንዲህ ይላል»፤ «የኦርቶዶክስ መምህራን እንዲህ ይተረጉሙታል፤ ብዙኃኑ ሙስሊም ሊቃውንት እንዲህ ይተረጉሙታል።»

አጠራርም እንደዚሁ ነው። ስለ ኦሪቱ ሲነገር አብርሃም፣ ስለ ቁርኣኑ ሲነገር ኢብራሂም ማለት ይገባል። መምህሩ ለአንዱ «አባታችን» ወይም «ነቢዩ» ብሎ ለሌላው ስሙን ብቻ ከጠራ ተማሪዎቹ ወዲያው ይሰሙታል። ለሁለቱም የማክበሪያ ቃል ይጠቀም፤ ወይም ለሁለቱም ይተው።

የጻፈውን ከማስተማሩ በፊት ለሚያውቁት ማሳየትም ደግ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም መሪጌታና ሼህ የሚታጡበት አገር አይደለም። ግን እያንዳንዳቸውን መጠየቅ ያለበት ስለ ራሳቸው ብቻ ነው፦ «መሪጌታ፣ የእናንተን ትርጓሜ በትክክል አስቀምጬዋለሁ?»፣ «ሼሁ፣ ይህ የእናንተ ነው ሊባል ይችላል?» ሼሁን ስለ ዕፀ ሳቤቅ፣ መሪጌታውን ስለ አስ-ሷፋት መጠየቅ ክርክር መጥራት ነው። ባለቤቱ አንብቦ «አዎ፣ የኛ እንዲህ ነው» ያላለው አቀራረብ፣ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ ገና አልተስተካከለም።

በክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ተማሪ ተነስቶ ስለ ሃይማኖቱ እንዲናገር መደረግ የለበትም። «አሕመድ፣ አንተ ንገረን» የተባለው ልጅ ባያውቀውስ? የ14 ዓመት ልጅ የመላ ሙስሊሙን ዓለም መልስ ይዞ እንዲቆም ማድረግ ነው። ከሁለቱም ቤት የሚወለደው ልጅ ደግሞ በየትኛው ጎን ይቆማል? በቡድን ሲሠሩም በሃይማኖት ሳይሆን በተቀመጡበት መከፈል አለባቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን ሁለቱንም ምንባብ ያነባል።

«ቲቸር፣ እርስዎስ ማን ነው ይላሉ?» መባሉ አይቀርም። እዚህ ላይ መሸሽም መዋሸትም አያስፈልግም። «የራሴ እምነት አለኝ፤ እዚህ የቆምኩት ግን እሱን ላስተምራችሁ አይደለም። እኔ የማረጋግጥላችሁ ጽሑፎቹ የሚሉትንና ሊቃውንቱ የተረዱበትን መንገድ ነው። የትኛውን እንደምትከተሉ ቤታችሁና ልባችሁ ያውቀዋል» ማለት በቂ ነው። ተማሪው ሊያስጨንቅ ፈልጎ ሳይሆን ከልቡ እየጠየቀ ከሆነ፣ ከሃይማኖቱ አባት ጋር እንዲነጋገር መምከርም ይገባል።

ትምህርቱ መሥራቱ የሚታወቀው በፈተና ወረቀት ላይ ነው። «ለመሥዋዕት የቀረበው ልጅ ማን ነበር?» ብሎ ሀ እና ለ የሚደረድር ጥያቄ አንዱን ክፍል ተማሪ ወይ እምነቱን ወይ ነጥቡን እንዲተው ያስገድደዋል። «በዘፍጥረት 22 መሠረት» ወይም «ብዙኃኑ ሙስሊም ሊቃውንት እንደሚያስረዱት» የሚል ከፊቱ ሲጨመርበት ሁሉም ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ይሆናል። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ መጠየቅ ነው፦ ራስህ የማትከተለውን ንባብ፣ የሚከተለው ሰው ቢያነበው «ትክክል ነው» በሚልበት መንገድ ከነምክንያቱ አስረዳ። ነጥብ የሚሰጠው ምክንያቱን በትክክል ላቀረበ እንጂ በምክንያቱ ለተስማማ አይደለም። ክርስቲያን ተማሪ የቁጥር 112ን ቅደም ተከተል በትክክል ካስረዳ፣ ሙስሊም ተማሪም የዕብራውያን 11ን መልስ ሳያዛባ ካስቀመጠ፣ ሙሉ ነጥብ ነው። ሁለቱን ወገን የተማረ ልጅ ደግሞ የትኛውን ቢመርጥ ለምን እንደመረጠ አይጠየቅም።